ማሟሟቂያው ስንት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል? በማስመሪያ፣ በጠመኔና በልብ ትርታ የሚሠራ የክፍል ሙከራ

የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲጀመር በየትምህርት ቤቱ የሚደረገው ይመሳሰላል። ተማሪዎች ሜዳውን ሁለት ሦስት ጊዜ በሶምሶማ ይዞራሉ፤ ከዚያ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንዱ መሐል ገብቶ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ ሲቆጥር ሌላው አንገቱን ያዞራል፣ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት ይነካል፣ ጉልበቱን ያጥፋል። ለምን ይህን እንደሚያደርጉ ቢጠየቁ «ሰውነት እንዲሟሟቅ» ብለው የማይመልሱ የሉም። የተሟሟቀ ሰውነት ካልተሟሟቀው በስንት እንደሚበልጥ ለክቶ በቁጥር የሚነግረን ተማሪ ማግኘት ግን ያስቸግራል።

ይህን ለመለካት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚያሰምርበት የእንጨት ማስመሪያ፣ ጥቂት ጠመኔ፣ አንድ ግድግዳና የእጅ ሰዓት ወይም ስልክ ይበቃል። የሚለኩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ እጅ ለሚያየው ነገር የሚመልስበት ፍጥነት፣ እግር ወደ ላይ የሚዘልበት ከፍታና የልብ ትርታ። ልኬቱ ራሱ ቀላል ነው። ብዙ የክፍል ሙከራዎችን ከንቱ የሚያደርገው የልኬቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን መለኪያዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የሚወድቀው ማስመሪያ

ሁለት ተማሪዎች ይጣመራሉ። ተለኪው ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ መዳፉን ከጠርዙ ያወጣና አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይከፍታል። ጓደኛው ማስመሪያውን ከላይኛው ጫፍ ይዞ፣ ዜሮው ከተለኪው አውራ ጣት የላይኛው ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ በጣቶቹ መሐል ያንጠለጥለዋል። ከዚያ ሳይናገርና ሳይጠቁም ይለቅቀዋል። ተለኪው መውደቁን እንዳየ ቆንጥጦ ይይዘዋል። አሁን በአውራ ጣቱ ጠርዝ ላይ የሚነበበው ቁጥር ማስመሪያው ከመያዙ በፊት የወደቀበት ርቀት ነው።

ርቀቱን ወደ ሰከንድ የሚቀይረው በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሚታወቀው የነፃ ውድቀት ቀመር ነው፦

t = √(2d/g)

እዚህ ላይ d በሜትር የተጻፈው ርቀት ሲሆን g ደግሞ 9.8 ነው። ማስመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተያዘ ጊዜው 0.143 ሰከንድ ነው፤ 20 ላይ ከተያዘ 0.202፤ 30 ላይ ከተያዘ 0.247 ይሆናል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። 40 ሴንቲ ሜትር ላይ የያዘ ተማሪ 20 ላይ ከያዘው በእጥፍ የዘገየ ይመስላል፤ ጊዜው ግን 0.286 ሰከንድ ነው፤ ከ0.202 ጋር ሲነጻጸር እጥፍ አይሞላም። ማስመሪያው በወደቀ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚጨምር የመጨረሻዎቹን ሴንቲ ሜትሮች የሚጨርሰው በቅጽበት ነው። ስለዚህ ተማሪዎች አማካይ ከማውጣታቸው ወይም ከማነጻጸራቸው በፊት እያንዳንዱን ርቀት ወደ ጊዜ መቀየር አለባቸው።

በዚህ ማስመሪያ ላይ የአትሌቲክስ ሕግም ይነበባል። በዓለም አቀፍ ውድድር አንድ የአጭር ርቀት ሯጭ ከተኩሱ በኋላ ከ0.100 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መነሻውን ከገፋ ተኩሱን ሰምቶ ሳይሆን ገምቶ እንደተነሳ ተቆጥሮ ከውድድር ይወጣል። 0.100 ሰከንድ በማስመሪያችን ላይ 4.9 ሴንቲ ሜትር ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በዩጂን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የ110 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ አሜሪካዊው ዴቨን አለን የወጣው 0.099 ሰከንድ በመመዝገቡ ነበር። ከሕጉ የጎደለችው የሰከንድ አንድ ሺኛ በማስመሪያው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሲሮጥ የተነሳው በ0.146 ሰከንድ ነበር፤ ይህ በማስመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ተማሪዎች ግን ከቦልት ጋር አይፎካከሩ። እርሱ የተነሳው በድምፅ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ከዓይን በጥቂቱ ይቀድማል።

ይኸው ሕግ ለክፍሉም ጥሩ መመሪያ ይሆናል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የተያዘ ማስመሪያ በእርግጥ ታይቶ ሳይሆን ተገምቶ የተያዘ ነው፤ ይሰረዝና ይደገማል። መገመትን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጣዩ ነው። በየሦስት ሰከንዱ የሚለቅቅ ከሆነ ተለኪው ምቱን ይለምደዋል። ስለዚህ አንዴ ከሁለት ሰከንድ፣ አንዴ ከአምስት፣ አንዴ ከሦስት በኋላ ይልቀቅ። የተለኪው ዓይንም ከጣዩ ፊት ወይም ጣቶች ላይ ተነስቶ ማስመሪያው ላይ ማረፍ አለበት፤ ሰው ከመልቀቁ በፊት ጣቱ ሲላላ ይታያልና።

አንድ ሙከራ ብቻውን ዋጋ የለውም። ያው ተማሪ አንዴ 14፣ አንዴ 23 ላይ ይይዛል። ሦስት ጊዜ ለልምምድ፣ ከዚያ አሥር ጊዜ ለልኬት ይጣልለት። አሥሩን ውጤት ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ አምስተኛውንና ስድስተኛውን መሐል መውሰድ ከአማካይ ይሻላል። ከሜዳው ዳር ሰው ጠርቶት አንዴ 38 ላይ የያዘ ተማሪ አማካዩ ይበላሻል፤ የመካከለኛው ቁጥር ግን አይነቃነቅም።

ጠመኔና ግድግዳ

የእግር ጉልበት የሚለካበት ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ አሜሪካዊው የስፖርት መምህር ዱድሊ ሳርጀንት በ1921 ስለጻፈበት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ተማሪው የጣቱን ጫፍ ጠመኔ ያስነካና ግድግዳው አጠገብ በጎኑ ይቆማል። ተረከዙን ሳያነሳ እጁን እስከቻለው ድረስ ዘርግቶ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ሳይንደረደር፣ ካለበት ጉልበቱን አጥፎ ወደ ላይ ይዘልና ሁለተኛ ምልክት ይተዋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት የዝላዩ ከፍታ ነው። ሦስት ጊዜ ይዘላል፤ በየመሐሉ ግማሽ ደቂቃ ያርፋል፤ የሚመዘገበው ከሁሉም ከፍ ያለው ነው።

የዚህ ልኬት ደካማ ጎን የመጀመሪያው ምልክት ነው። ተማሪው ትከሻውን አላልቶ እጁን በግማሽ ልብ ከዘረጋ ምልክቱ ዝቅ ይላል፤ ዝላዩም ያለ ሥራው ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ይጨምርለታል። በማግስቱ በደንብ ከዘረጋ ደግሞ የቀነሰ ይመስላል። ስለዚህ የቁም ቁመናው አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይለካና ያው ቁጥር በሁለቱም ቀን ይሠራበታል። ጫማውም አይቀየር። አንድ ቀን በስኒከር፣ ሌላ ቀን በቆዳ ጫማ የዘለለ ተማሪ የተለካው ጫማው ነው።

ልብ እንደ ምስክር

በብዙ ክፍሎች የልብ ትርታ ራሱን የቻለ ሙከራ ተደርጎ ይሠራል፤ ተማሪ ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ይሮጣል፣ እንደገና ይቆጥራል፣ ጨመረ ይላል። መጨመሩን አስቀድሞ የማያውቅ ስለሌለ ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ትንሽ ነው። በእኛ ሙከራ የልብ ትርታ የሚሻለው ሥራ ምስክርነት ነው። «ተሟሟቅሁ» ያለው ተማሪ በእርግጥ ተሟሙቋል ወይስ ከክቡ ጀርባ ቆሞ ሲያወራ ነበር? ልቡ ይናገራል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። የአንዱ እጅ መዳፍ ወደ ላይ ይገለበጣል። የሌላው እጅ ጠቋሚና መሐል ጣት ከአውራ ጣቱ በታች፣ ከእጅ አንጓው አጥንት ጎን ባለው ሰርጓዳ ቦታ ላይ ቀለል ብለው ያርፋሉ። በአውራ ጣት አይቆጠርም፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው የማን እንደሆነ ያምታታል። አንገት ላይ መቁጠር ይቀላል፤ ነገር ግን እዚያ ጠበቅ አድርጎ መጫን የልብን ትርታ ሊቀንስ ስለሚችል ለጀማሪ የእጅ አንጓ ይሻላል። ሰዓቱ ሲነሳ የተሰማው የመጀመሪያ ምት «ዜሮ» ይባላል፤ የሚቀጥለው «አንድ»። ለ15 ሰከንድ ይቆጠርና በ4 ይባዛል። 19 የቆጠረ 76፣ 31 የቆጠረ 124 ማለት ነው። አንድ ምት መሳሳት ውጤቱን በ4 ስለሚቀይር ከ4 ያነሰ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ምንም ነገር መናገር አይቻልም።

ከእንቅስቃሴ በኋላ ሲቆጠር መዘግየት የለም። የወጣት ልብ ሰውነቱ እንደቆመ ወዲያው መውረድ ይጀምራል፤ ትርታውን ሲፈልግ ግማሽ ደቂቃ ያባከነ ተማሪ የሚቆጥረው የማሟሟቂያውን ሳይሆን የዕረፍቱን ልብ ነው። ስለዚህ ከመሮጡ በፊት ትርታው የት እንደሚገኝ በብዕር ነጥብ ያድርግበት። ለማሟሟቂያ የሚበቃው ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 140 ሲመታ ነው፤ ተማሪው በዚህ ልክ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል፣ ትንፋሹ ግን ቶሎ ቶሎ ይላል። ከ110 በታች የሆነው ጥቂት ይጨምር። 170 የደረሰው ደግሞ ማሟሟቅ አልፎ እየደከመ ነው፤ የእርሱ ዝላይ ዝቅ ቢል ጥፋቱ የማሟሟቂያው አይደለም።

ቅደም ተከተሉ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ለክፍል በመጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሁሉም ተማሪ ሳይሟሟቅ ይለካ፤ ከዚያ ይሟሟቅ፤ እንደገና ይለካ፤ ልዩነቱ የማሟሟቂያው ሥራ ነው። ይህ አሠራር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ማሟሟቂያው ጠቃሚ ነው የሚል መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ግን አይታመንም። ተማሪው ሁለተኛ ሲለካ ተሟሙቋል ብቻ ሳይሆን ለምዷልም። ግድግዳውን ለምዷል፤ ጉልበቱን ምን ያህል ማጠፍ እንዳለበት አውቋል፤ ማስመሪያው እንዴት እንደሚወድቅ አይቷል። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ሶምሶማ ከመሮጥ ይልቅ ተረት ሲሰማ ቢቆይም የተወሰነ መሻሻሉ አይቀርም ነበር።

መፍትሔው ክፍሉን ለሁለት መክፈል ነው። በዕጣ ቢሆን ይመረጣል፤ ጎበዞቹ በአንድ ወገን እንዳይከማቹ። ቡድን «ሀ» በመጀመሪያው ቀን ተሟሙቆ ይለካል፤ በሁለተኛው ቀን ሳይሟሟቅ። ቡድን «ለ» በተቃራኒው፦ በመጀመሪያው ቀን ሳይሟሟቅ፣ በሁለተኛው ቀን ተሟሙቆ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነው፤ ረጅሙ ከአጭሩ፣ ኳስ ተጫዋቹ ከማይጫወተው ጋር አይደባደብም።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። ቡድን «ሀ» ተሟሙቆ በአማካይ 34 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው ቀን ሳይሟሟቅ 33.5 ዘለለ እንበል። ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። ቡድን «ለ» በመጀመሪያው ቀን ሳይሟሟቅ 32፣ በሁለተኛው ቀን ተሟሙቆ 34.5 ዘለለ እንበል። እዚህ ልዩነቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። አንድ ዓይነት ማሟሟቂያ ለአንዱ ቡድን ግማሽ፣ ለሌላው ሁለት ተኩል የሰጠው ለምንድን ነው?

ልምምዱ ስለገባበት ነው። በቡድን «ለ» ማሟሟቂያውና ልምምዱ በአንድ ቀን፣ በሁለተኛው ቀን፣ ተደማምረው መጡ። በቡድን «ሀ» ደግሞ ማሟሟቂያው በመጀመሪያው ቀን፣ ልምምዱ በሁለተኛው ቀን ስለነበር አንዱ ሌላውን አካካሰው። የሁለቱ ልዩነቶች አማካይ፣ ማለትም 0.5 እና 2.5 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 1.5 ሴንቲ ሜትር የማሟሟቂያው ድርሻ ነው። ከ2.5 ላይ 0.5 ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው 1 ሴንቲ ሜትር ደግሞ የልምምዱ ነው። ክፍሉ በሙሉ እንደ ቡድን «ለ» ቢለካ ኖሮ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩሉን ጠቅልሎ ለማሟሟቂያው ይሰጥ ነበር። አንድ ተማሪ ይህን ስሌት በራሱ ክፍል ቁጥሮች አንድ ጊዜ ከሠራው «በፊትና በኋላ» እያለ የሚቀርብለትን ማስታወቂያ ሁሉ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ከዕለቶቹ በፊት አንድ የመለማመጃ ክፍለ ጊዜ ቢኖር ደግሞ የልምምዱ ድርሻ ራሱ ያንሳል፤ የሚመዘገብ ነገር ሳይኖር ሁሉም ዘልሎና ማስመሪያ ይዞ ይለማመዳል።

ሰልፉ የሚያበላሸው

በወረቀት ላይ ያማረ ሙከራ ሜዳ ላይ የሚፈርሰው በሰልፍ ነው። አርባ ተማሪ፣ አንድ ግድግዳ፣ አርባ ደቂቃ አለን እንበል። ሁሉም አብረው ተሟሙቀው ቢሰለፉ የመጀመሪያው በሁለተኛው ደቂቃ፣ የመጨረሻው ግን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይለካል። ጡንቻ የሚሞቀው በፍጥነት ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውስጥ ብዙው ሙቀት ይገኛል። ቆሞ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ያ ሙቀት እየተመለሰ ነው። የሰልፉ ጅራት ላይ ያሉት «ተሟሙቀዋል» ተብለው ሲመዘገቡ እግራቸው ቀዝቅዟል።

ስለዚህ ተማሪዎች በአምስት በአምስት ተከፍለው፣ አንዱ አምስት ሲለካ ሌላው መሮጥ እንዲጀምር ተደርጎ ይነሳሉ። በየቡድኑ ሶምሶማው አምስት ደቂቃ ይሁን፤ ከዚያ ጉልበት ከፍ እያደረጉ መራመድ፣ ተረከዝን ወደ ኋላ መምታትና ጥቂት ቀላል ዝላዮች ሦስት ደቂቃ ይከተሉ። ትርታ ይቆጠር፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ዝላዩ፣ ቀጥሎ ማስመሪያው ይለካ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሃያ ተማሪ ብቻ ቢደርስ ይበቃል፤ የቀሩት በሌላው ሳምንት ይለካሉ። ሳይሟሟቅ የሚለካው ወገን ከመለካቱ በፊት አሥር ደቂቃ ተቀምጦ መዝጋቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከእረፍት ኳስ ሲጫወት ቆይቶ እየሮጠ የገባ ተማሪ «አልተሟሟቀም» አይባልም፤ ትርታው ያጋልጠዋልና በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።

ሁለቱ ቀናት በሰዓትም መመሳሰል አለባቸው። የሰውነት ሙቀት ማለዳ ዝቅ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል። አንዱ ቀን ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ሌላው ቀን ከምሳ በኋላ ከሆነ የሚለካው የቀኑ ሰዓት ይሆናል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማ ከተማ የጠዋቱ ልዩነት ይበልጥ ይጎላል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ያው ማሟሟቂያ የሚጨምረው ያንሳል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። የሁለት ከተሞች ክፍሎች ይህን መዝገብ ቢለዋወጡ ደስ የሚል ሥራ ይሆናል።

ጾምም ይቆጠር። በዓቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ሳይበሉ የሚውሉ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሁለቱም ቀናት በጾሙ ውስጥ ወይም ሁለቱም ከጾሙ ውጭ ይሁኑ እንጂ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ አይሁን። ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ተማሪ ደግሞ እንዲዘል አይገደድ።

ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄ አለ። ከተደጋጋሚ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በርን የሚጎዳው በሽታ በአገራችን ልጆች ላይ የሚገኝ ነው። በጥቂት ሩጫ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን ስቶ የሚያውቅ ተማሪ ሰዓት ያዥ ይሁን፤ ለመምህሩም ሆነ ለወላጅ ይነገርለትና ጤና ጣቢያ ይታይ። የትርታ ቁጥር በስም አይለጠፍ፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ መለያ ቁጥር ይሰጠው። ማርክ የሚሰጠውም ለሙከራው አሠራርና ለመዝገቡ ጥራት ይሁን እንጂ ከፍ ብሎ ለዘለለ አይሁን። በቁጥር ማርክ የሚያገኝ ተማሪ ቁጥሩን ይጨምራል።

ውጤቱን ማንበብ

የዝላዩና የማስመሪያው ውጤት አንድ ዓይነት ይሆናል ብለው አይጠብቁ። የሞቀ ጡንቻ ቶሎ ይኮማተራል፤ ጉልበቱን የሚያወጣበት ኬሚካላዊ ሥራም ይፋጠናል። የጡንቻ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የዝላይና የአጭር ሩጫ አቅም በመቶኛ ከሁለት እስከ አምስት እንደሚያድግ በተደጋጋሚ ታይቷል። 35 ሴንቲ ሜትር ለሚዘል ልጅ ይህ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው፤ በጠመኔ ሊታይ የሚችል ነው።

በማስመሪያው ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ከተለቀቀበት ቅጽበት እስከተያዘበት ባለው ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ነርቭ መልእክቱን ከአንገት እስከ እጅ ለማድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሃያ ሺኛ ሰከንድ በታች ነው። የቀረው የሚያልፈው ዓይን ያየውን ወደ መልእክት ሲቀይር፣ አንጎል ሲያውቅና ሲያዝዝ ነው። አንጎል ደግሞ ሰውየው ሮጠም አልሮጠ ሙቀቱ ያን ያህል አይለዋወጥም። ስለዚህ ማሟሟቂያው እጅን ሊያነቃው ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው የሚሆነው። በ18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያህለው የሰከንድ አምስት ሺኛ ያህል ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ልዩነቱ በንባብ ስሕተት ውስጥ ቢጠፋ አይገርምም። «በማስመሪያው ላይ ልዩነት አላገኘንም» ብሎ የሚጽፍ ቡድን ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ክፍሉ ያገኘው ልዩነት የአጋጣሚ መሆኑን የሚፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። ከአርባው ተማሪ ተሟሙቆ የተሻለ የዘለለው ስንቱ ነው? ማሟሟቂያው ምንም ባይሠራ ሃያ ያህሉ እንዲሁ በአጋጣሚ ይሻሻሉ ነበር። አሁን ሳንቲም አርባ ጊዜ ይወርወርና ዘውድ ስንት ጊዜ እንደወጣ ይቆጠር፤ ሁሉም ጥንድ ይህን ቢያደርግ ቁጥሩ 17፣ 22፣ 19፣ 24 እያለ ይዋልላል። 27ና ከዚያ በላይ የሚወጣው ከሃምሳ ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። ስለዚህ ከአርባው 23 ተማሪዎች ቢሻሻሉ ገና ምንም ማለት አይቻልም፤ 30 ቢሻሻሉ ግን ሳንቲም ያን አያደርገውም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይቀራል፦ ተማሪው መሟሟቁን ራሱ ያውቃል፣ የተሻለ ሊዘል ይገባል ብሎም ያምናል። ይህን ማስቀረት አይቻልም። መዝጋቢው ግን የትኛው ተሟሙቆ የመጣ እንደሆነ እንዳያውቅ፣ ያለፈውንም ቁጥር እንዳያይ ማድረግ ይቻላል።

ክቡ ራሱ ይለካ

ሙከራው አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ ሌላ ጥያቄ በቀላሉ ይገባበታል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው በትምህርት ቤቱ ለዓመታት ሲደረግ የኖረውን ቆሞ የመለጠጥ ልማድ መፈተሽ ነው። ቡድን «ሀ» ከሶምሶማው በኋላ የባትና የጭን ጡንቻውን እያንዳንዱን ከአንድ ደቂቃ በላይ ለጥጦ ይይዛል፤ ቡድን «ለ» በዚያው ጊዜ ጉልበት እያነሳ ይንቀሳቀሳል፤ በሁለተኛው ቀን ይቀያየራሉ። አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ለጥጦ ወዲያው መዝለል ከፍታውን በጥቂቱ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ታይቷል። ከ30 ሰከንድ በታች የሆነ መለጠጥ ግን፣ በተለይ እንቅስቃሴ ከተከተለው፣ ይህን ያህል ጉዳት የለውም። መለጠጥ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ከሩጫና ከዝላይ በፊት ባይረዝምና ለክፍለ ጊዜው መጨረሻ ቢቆይ ይሻላል ማለት ነው።

ተማሪዎች ይህን ሙከራ ይዘው «ማሟሟቂያ ጉዳትን ይከላከላል» ብለው እንዳይደመድሙ መምህሩ ይጠንቀቅ። ጉዳት በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ሳምንት የሚቆጠር ነገር አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ፊፋ 11 ፕላስ የተባለውን የሃያ ደቂቃ ማሟሟቂያ ለመፈተሽ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 1900 ያህል ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ለአንድ የውድድር ዘመን ተከታትለዋል፤ ውጤቱ በ2008 ሲታተም በማሟሟቂያው የተጠቀሙት ጠቅላላ ጉዳት በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሶ ነበር። ያ ማሟሟቂያ ሩጫ ብቻ ሳይሆን የጉልበት፣ የሚዛንና በትክክል የማረፍ ልምምድ ያለበት ነው።

ይህን ሥራ ለሚጀምሩ መምህራን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የመዝገቡን ወረቀት አይጣሉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ማሟሟቂያው ምን ምን እንደነበረና የተሰረዙትን ሙከራዎች ጭምር ጽፈው ያኑሩትና የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ያንኑ ሙከራ በዚያው ግድግዳ ላይ ይድገመው። የአንድ ክፍል ውጤት ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው፤ ሦስት አራት ክፍሎች በተለያየ ዓመት አንድ መልስ ካገኙ ግን ትምህርት ቤቱ ማሟሟቂያውን በዚያ መሠረት መቀየር ይችላል።